አንዷ ትንሿ ጣትሽ ረጅም ናት አለችኝ፣ ሌላዋ አጭር ናት አለችኝ፣ ማናቸው ናቸው ልክ?

የአዳማ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል ይቅርታ። የዛሬ ዓመት ገደማ ሰፈራችን ቡና ላይ አንዲት እናት መዳፌን አይታ "ጁፒተርሽ፣ ሌባ ጣትሽ ሥር ያለው ጉብታ፣ ከፍ ያለ ነው፣ ትንሿ ጣትሽም ረጅም ናት፣ ንግድ ያዋጣሻል" አለችኝ። ያው ሰው ደስ የሚለውን ሰምቶ መቼ ይረሳል፣ በልቤ ያዝኩት። አሁን ባለፈው ወር አዲስ አበባ ሄጄ ሌላ ሴት ጋ 500 ብር ከፍዬ ታየሁ፣ እሷ ደግሞ ያንኑ ቀኝ እጄን ይዛ "ትንሿ ጣትሽ አጭር ናት፣ ከሰው ጋር ንግድ አትግጠሚ፣ ጁፒተሩም እብጠት እንጂ ጉብታ አይደለም" አለችኝ። አንድ እጅ ነው! ጣቴ በዓመት ውስጥ አላጠረች መቼም። የዕቁብ ብር ደርሶኝ የኮስሞቲክስ ሱቅ ልከፍት እያሰብኩ ስለሆነ ነገሩ ውስጤ ገብቷል። የቀኝ እጄን ፎቶ ለጥፌያለሁ፣ የሚያውቅ ሰው እባካችሁ እዩልኝ።

ጋራዥ_04፦
እህቴ እኔም ሌባ ጣቴ ሥር እንደዛ ጉብ ያለ ነገር አለኝ፣ ጠጣር ነው፣ አንዳንዴ ይሰነጠቃል። ቫዝሊን ሌሊት ቀብተሽ ጓንት አድርገሽ ተኚ፣ በ2 ሳምንት ይለሰልሳል። ቁልፍ ስለምይዝ ነው የኔ።

የአዳማ_ልጅ፦
ወንድሜ አመሰግናለሁ ግን የኔ የሥራ ጠጣር አይደለም፣ ለስላሳ ነው፣ መዳፍ አንባቢዎች ጉብታ የሚሉትን ነው የጠየቅኩት።

የእግዜር_ባሪያ፦
እህቴ በፍቅር ነው የምነግርሽ፣ ይሄ ነገር ጥንቆላ ነው። ሱቅሽን በጸሎት ክፈቺ፣ ጣትሽን ለምን ትጠይቂያለሽ። ሌላ ጊዜ 500 ብሩን ለነዳያን ስጪው።

ሳይንስ_ብቻ፦
እኔ በሃይማኖት በኩል አልመጣም ግን መዳፍ ማንበብ ዝም ብሎ ግምት ነው። የጣት ርዝመት ግን ሳይንስ አለው! ትንሿ ጣት ረጅም ከሆነች በእናት ማህፀን ውስጥ ቴስቶስትሮን በዝቶ ነበር ማለት ነው፣ ማኒንግ የሚባል እንግሊዛዊ ነው ያጠናው። ስለዚህ ረጅም ከሆነች ደፋር ነሽ ማለት ነው፣ ሱቁን ክፈቺ።

አሮጌ_መነፅር፦
የአዳማ ልጅ፣ ፎቶሽን አየሁት። እኔ ይህን ነገር ከ30 ዓመት በላይ ሳየው ኖሬያለሁ፣ ብር ተቀብዬበት ግን አላውቅም። ሁለቱ ሴቶች ውሸታም አይመስሉኝም፣ ሁለቱም ያዩት ነገር አለ፣ ሁለቱም ግን አልለኩም። የመዳፍ ሰው ትልቁ ጥፋት እሱ ነው፣ ዓይኑን ያምናል።

ስለ ትንሿ ጣት ልጀምርልሽ። ልማዱ የሚለው፣ ጫፏ የቀለበት ጣት የላይኛው አንጓ የሚታጠፍበት መስመር ላይ ከደረሰች መካከለኛ ናት፣ ካለፈች ረጅም፣ ካልደረሰች አጭር። ቀላል ይመስላል አይደል። ግን ትንሿ ጣት እንደ ሌሎቹ አንድ መስመር ላይ አልተተከለችም፣ መነሻዋ ከቀለበት ጣት መነሻ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ትንሽ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ብዙ። አጥር ሥር ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ረጅም ሰው ከአጥሩ በላይ አናቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ጫፏን ብቻ ያየ ሰው አጭር ይላል፣ ጣቷን ለብቻዋ ያየ ሰው ደግሞ ረጅም ይላል።

ሌላው፣ በፎቶው ላይ ጣቶችሽን በታትነሽ ነው የዘረጋሽው። ጣት ወደ ጎን ሲከፈት ጫፉ ዝቅ ይላል። አውራ ጣትሽን ደግሞ ሌባ ጣትሽ ላይ አጣብቀሽዋል፣ ስለ ጁፒተሩ በኋላ እመለስበታለሁ ግን እሱም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ጣቶችሽን ግጠሚያቸው፣ ግን አታጣብቂ፣ የእጅ አንጓሽ ቀጥ ይበል። በመዳፍሽ በኩል፣ ጣት ከመዳፍ ጋር ከሚገናኝበት እጥፋት እስከ ጫፍ በማስመሪያ ለኪ፣ ጥፍሩን አትቁጠሪ። የቀለበት ጣትን ሙሉ ርዝመት፣ የላይኛውን አንጓ ብቻ፣ ትንሿን ጣት፣ ከዚያ የትንሿ መነሻ ከቀለበት ጣት መነሻ ስንት ሚሊ ዝቅ እንደሚል። አራት ቁጥር ብቻ ነው። ሁለቱንም እጅ።

ፊዚዮ_ም፦
እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፣ በመዳፍ ንባብ አላምንም፣ ግን ጋሼ ስለ አለካኩ የተናገሩት ትክክል ነው። 60 ሚሊ የሆነች ጣት ወደ ጎን 20 ዲግሪ ብቻ ብትከፈት ጫፏ 3 ሚሊ ተኩል ገደማ ዝቅ ይላል፣ "ረጅም" እና "አጭር" የሚባለው ልዩነት ደግሞ እዚያው ውስጥ ነው ያለው።

@ሳይንስ_ብቻ ወንድሜ ትንሽ ተሳስተሃል። የማኒንግ እ.ኤ.አ. የ1998 ጥናት ስለ ሌባ ጣትና ስለ ቀለበት ጣት ነው፣ ትንሿ ጣት የለችበትም። በአማካይ ወንዶች ላይ የቀለበት ጣት ከሌባ ጣት ትንሽ ይረዝማል፣ ሴቶች ላይ ወደ እኩል ይጠጋል፣ ይሄ ታይቷል። ግን የሁለቱ ልዩነት በጣም ትንሽ ነው፣ እጆቹ ይደራረባሉ፣ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ስለ ራሱ ፀባይ ምንም ሊል አይችልም። ስለ ሆርሞኑም ክርክሩ ገና አላለቀም።

ሳይንስ_ብቻ፦
እሺ የትኛው ጣት እንደሆነ ተደናግሮኝ ነበር። ግን ልዩነት ካለ የሆነ ትርጉም አለው ማለት ነው፣ ዝም ብሎ አይመጣም፣ ያንን ከአንተ ጋር አልስማማም።

ሹሩባ_ዱባይ፦
ሰላም፣ እኔ የራሴን ልጠይቅ ጥያቄውን እንዳልበጠብጥ እንጂ። ዱባይ ጸጉር ቤት ነው የምሠራው፣ ሹሩባና ዊቭ፣ ቀኑን ሙሉ። አንዲት ህንዳዊት ደንበኛ አለችን መዳፍ ታያለች፣ የኔን አይታ "የቀኝ እጅሽ ቬነስ ጠፍጣፋ ነው፣ የግራው ግን ሙሉ ነው፣ ፍቅርሽ እየደረቀ ነው" አለችኝ። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ገና 7 ወራችን ነው፣ ምን ብላችሁ፣ እዚያው ነው ያለቀስኩት። አውራ ጣቴ ሥር ያለው ሥጋ እውነትም በቀኝ በኩል ጎድጉዷል፣ ራሴም አየሁት፣ ድሮ እንደዛ አልነበረም። የጠፋ ጉብታ ተመልሶ ይመጣል ወይ?

የአዳማ_ልጅ፦
ጋሼ ለካሁት፣ እህቴ አብራኝ ይዛ ሁለት ሁለቴ ነው የለካነው።

ቀኝ፦ የቀለበት ጣት 70 ሚሊ፣ የላይኛው አንጓ 24፣ ትንሿ ጣት 60፣ መነሻዋ የወረደው 15።
ግራ፦ የቀለበት ጣት 70፣ የላይኛው አንጓ 24፣ ትንሿ 59፣ የወረደው 12።

ሹሩባ እህቴ አይዞሽ 😔

ፊዚዮ_ም፦
@ሹሩባ_ዱባይ እህቴ ይሄን ቶሎ መልሺልኝ፣ ቁም ነገር ነው። ሌሊት እጅሽ ይደነዝዛል? ከእንቅልፍ ቀስቅሶሽ እጅሽን የምታራግፊው ነገር አለ? ሲደነዝዝስ የትኞቹ ጣቶች ናቸው፣ ትንሿ ጣትስ ትጨምራለች?

አሮጌ_መነፅር፦
ጎበዝ፣ ጥሩ ለክተሻል። አሁን አብረን እናስላው። የቀኝ ቀለበት ጣትሽ 70 ነው፣ ከላይ 24 ሲቀነስ እጥፋቱ ከመነሻው 46 ሚሊ ላይ ነው። ትንሿ ጣትሽ 60 ናት፣ ግን 15 ሚሊ ዝቅ ብላ ነው የተነሳችው፣ ስለዚህ ጫፏ የሚደርሰው 45 ላይ ነው። አንድ ሚሊ ጎደላት። በግራው 59 ሲቀነስ 12፣ 47፣ አንድ ሚሊ አለፈች። አንድ ሚሊ ደግሞ በማስመሪያ ስህተት ውስጥ ነው። እንግዲህ በጫፏ ከሄድን ሁለቱም እጆችሽ ላይ መካከለኛ ናት፣ ረጅምም አጭርም አይደለችም። ጣቷን ለብቻዋ ካየናት ግን 60 ከ70 ናት፣ ብዙ እጅ ላይ እኔ ያየሁት ትንሿ ጣት ከቀለበት ጣት 8 አስረኛ አካባቢ ነው የምትሆነው፣ ያንቺ ከዚያ ትበልጣለች። ቡና ላይ ያየችሽ እናት ጣቷን አየች፣ አዲስ አበባ ያለችው ደግሞ ጣቶችሽን በትነሽ ሳለ ጫፏን አየች።

ትርጉሙን ከጠየቅሽኝ፣ ከእኔ በፊት የነበሩት የሚሉትን ነው የምነግርሽ። ትንሿ ጣት የሜርኩሪ ናት፣ የንግግር፣ የንግድ፣ የሰውን ልብ ቶሎ የማንበብ። ረጅም ሆና ዝቅ ብላ ከተተከለች ችሎታው አለ፣ ግን ሰውየው ራሱን አምኖ ለመውጣት ይዘገያል ይላሉ። የሚገርመኝ እኛ "ሌባ" የምንለው ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለውን ጣት ነው፣ እነሱ ጋ ግን ሌባ ጣት የንጉሡ የጁፒተር ነው፣ የነጋዴና የሌባ አምላክ የነበረው ሜርኩሪ ደግሞ ትንሿን ያዘ።

ሹሩባ_ዱባይ፦
@ፊዚዮ_ም እንዴት አወቅክ? በየሌሊቱ ይደነዝዘኛል፣ 9 ሰዓት ላይ ተነስቼ እጄን አራግፋለሁ። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሀሉ፣ የቀለበት ጣት ደግሞ በመሀል ጣት በኩል ያለው ግማሹ ብቻ። ትንሿ ምንም አትሆንም። ከዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ከሥራ ድካም መስሎኝ ዝም አልኩ። አሁን አሁን ማበጠሪያ ከእጄ ይወድቃል።

ፊዚዮ_ም፦
እህቴ እንግዲህ በደንብ ስሚኝ። አውራ ጣት ሥር ያለው ጉብታ፣ እነሱ ቬነስ የሚሉት፣ ጡንቻ ነው። አውራ ጣትን የሚያንቀሳቅሱ ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው፣ አብዛኛዎቹን የሚያዝ ነርቭ ደግሞ በእጅ አንጓ በኩል በጠባብ ቱቦ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ቀኑን ሙሉ አንጓ እየታጠፈ ጣት ሲሠራ እዚያ ያለው ነገር ያብጥና ነርቩን ይጫነዋል፣ ካርፓል ተነል የሚሉት ይሄ ነው። ያ ነርቭ የሚሰማቸው ጣቶች ልክ አንቺ የዘረዘርሻቸው ናቸው፣ ሦስት ተኩል ጣት፣ ትንሿን የሚያዝ ሌላ ነርቭ ነው። ነርቩ ለረጅም ጊዜ ሲጫን ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ጉብታው ይጎድላል።

በስልክ ሆኜ ይሄ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም፣ ግን አንድ ነገር ሞክሪ። መዳፍሽን ወደ ላይ አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ፣ አውራ ጣትሽን ወደ ጣሪያ ቀጥ አድርጊ፣ በሌላ እጅሽ ወደ ታች ግፊው፣ እሱ ደግሞ ይከላከል። ከዚያ ግራውን እንደዚያው ሞክሪና አወዳድሪ።

ሹሩባ_ዱባይ፦
ግራው አይንቀሳቀስም፣ ጠንካራ ነው። ቀኙ በአንድ ጣት ገፋሁት ወደቀ። በጣም ፈራሁ።

ፊዚዮ_ም፦
አትፍሪ፣ ግን አትቆዪ። የሌሊት መደንዘዝ ብቻ ቢሆን አንጓን ቀጥ የሚያደርግ ስፕሊንት ሌሊት ሌሊት አድርገሽ ታዪው እልሽ ነበር፣ እሱን ዛሬውኑ ከፋርማሲ ግዢና አድርጊ። ጡንቻው ጎድሎ ድክመት ከመጣ ግን ስፕሊንት ብቻውን አይበቃም፣ የእጅ ወይም የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፣ የነርቭ ምርመራ ያዝልሻል። ብዙ ጊዜ ነርቩ ላይ የተጫነውን ጅማት በትንሽ ኦፕሬሽን ይለቁታል። መደንዘዙ ብዙ ሰው ላይ ይሻሻላል፣ የጎደለው ጡንቻ ግን ሲቆይ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፣ ለዚህ ነው ቶሎ የምልሽ። ለሐኪሟ "ጠፍጣፋ ሆነ" ብቻ አትበያት፣ ሌሊት እንደሚቀሰቅስሽ፣ ዕቃ እንደሚወድቅብሽ፣ የትኞቹ ጣቶች እንደሆኑ ንገሪያት።

አሮጌ_መነፅር፦
ልጄ የፊዚዮው ልጅ የሚልሽን አድርጊ። እኔም ይሄን እጨምራለሁ፣ እንደዚያ ማለት የመዳፍ ንባብ ሕግም አይደለም። በአንድ እጅ ብቻ የጎደለ ጉብታ፣ ድሮ ሙሉ ከነበረ፣ ፀባይ ተብሎ አይነበብም፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እጁ ምን ሆነ ነው። ያች ሴትዮ ያንን ሳትጠይቅ ነው ልብሽን የሰበረችው፣ በጣም አሳዝኖኛል።

የእግዜር_ባሪያ፦
እህቴ ዱባይ ያለሽው፣ በጸሎት አስብሻለሁ። ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ሐኪምም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው።

የአዳማ_ልጅ፦
ሹሩባ እህቴ የት እንደደረሰ እዚሁ ንገሪን እሺ፣ ሳናውቅ እንዳንቀር።
ጋሼ ጁፒተሩንስ? እመለስበታለሁ ብለው ነበር። ሁለተኛዋ ሴት እብጠት ነው ያለችው አሁን አስፈራኝ ጭራሽ።

አሮጌ_መነፅር፦
አይዞሽ፣ እብጠት አይመስለኝም። አሁን ስታነቢ እጅሽን አንሺና አውራ ጣትሽን ከሌባ ጣትሽ ጋር አጣብቂው። ሌባ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ተገፍቶ ጉብ ሲል ታያለሽ። አሁን አውራ ጣቱን ልቀቂው፣ ይወርዳል። ፎቶሽ ላይ ያለው ያ ነው። ጣቶችን በኃይል ወደ ኋላ ስትዘረጊም እንዲሁ ከሥራቸው ያለው ሥጋ ብቅ ይላል። ስለዚህ ጉብታ የሚታየው እጅ ዝም ብሎ ሲያርፍ ነው፣ ጣቶች ትንሽ ጎበጥ ብለው፣ ብርሃን ከጎን መጥቶ፣ ዓይንሽ ደግሞ በመዳፉ ልክ ዝቅ ብሎ። ከላይ ሆኖ ያየ ሰው ከፍታ አይታየውም።

ከዚያ ጫፉን ፈልጊ። ይሄን ያስተማረን ቤንሃም የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1900 ባሳተመው መጽሐፍ። ጉብታው ከፍ ያለበትን ቦታ አትከተሉ፣ የቆዳው መስመሮች የሚገናኙበትን ፈልጉ ነው የሚለው። ሌባ ጣት ሥር፣ እንደ ጣት አሻራ ያሉት ቀጭን መስመሮች ከሦስት አቅጣጫ መጥተው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፣ ልክ እንደ ሦስት መንገድ መጋጠሚያ። ያ ነጥብ ልክ ከጣቱ መሀል ሥር ከሆነ ጁፒተር ንጹህ ነው ይባላል፣ ወደ መሀል ጣት ካዘነበለ ምኞቱን ጥንቃቄ ይይዘዋል፣ ወደ ውጭው ጠርዝ ከሄደ ሰውየው ስለ ራሱ ክብር ይበዛበታል ይላሉ።

በዓይን ካልታየሽ በእርሳስ ወረቀት ላይ ጥቁር እስኪሆን ሰርዢ፣ ሌባ ጣትሽን ሥሩን እዚያ ላይ አሻሺ፣ ከዚያ ፕላስተር ለጥፈሽ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጊው። ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከፍታውን ግን ከአሻራ ላይ አትፈልጊ፣ ወረቀት ላይ ሲጫን ሁሉም ይተኛል።

ፊዚዮ_ም፦
ጋሼ ይሄን ስላነሱ ደስ አለኝ፣ ከእኔ ሙያ ጋር የሚገናኘው እዚህ ጋ ነው። ጽንስ ከ6ኛው፣ 7ኛው ሳምንት ጀምሮ መዳፉ ላይና የጣቱ ጫፍ ላይ ትንንሽ ጉብታዎች ያወጣል፣ ከዚያ እየሟሸሹ ይሄዳሉ። የቆዳው መስመሮች የሚሠሩት በዚያው ጊዜ አካባቢ ነው፣ አቅጣጫቸው በጉብታው ቅርፅ ይወሰናል። ስለዚህ ያ የሦስት መንገድ መጋጠሚያ ድሮ የነበረ ጉብታ ትቶት የሄደው ምልክት ነው ማለት ይቻላል፣ ከመወለዳችን በፊት ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም። አሁን በዓይን የሚታየው ከፍታ ግን ስብና ጡንቻ ነው፣ ስንወፍር ይሞላል፣ ስንከሳ ይወርዳል፣ ሥራም ይቀይረዋል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አልወድም እኔ።

ከዚያ ወደ "ምኞት ያለው ሰው" የሚያሻግር ድልድይ ደግሞ አላየሁም። ይሄን በአክብሮት ነው የምለው።

አሮጌ_መነፅር፦
በአክብሮት ተቀበልኩ። እኔም ድልድዩን አሳይ ብትለኝ አላሳይህም፣ ያየሁትን ነው የምናገረው። በ30 ዓመት ግን ጠንካራ ጁፒተር ያለው ሰው ዝም ብሎ ከኋላ ሲሰለፍ ብዙ አላየሁም።

ፊዚዮ_ም፦
ጋሼ ሌላውን ስንቱን አልቆጠሩትም ግን። ጁፒተሩ ዝቅ ያለ ሆኖ ከፊት የተሰለፈውን ማለቴ ነው።

አሮጌ_መነፅር፦
እውነት ነው፣ አልቆጠርኩም። በእጅ እንጂ በደብተር አልያዝኩትም።

የአዳማ_ልጅ፦
በእርሳስና በፕላስተር ሠራሁት 😍 እህቴም ሠራች፣ ቤቱ በሙሉ ጥቁር ሆነ። የኔ መጋጠሚያው ወደ መሀል ጣት ያዘነበለ ነው፣ ከጣቱ መሀል 4 ሚሊ ገደማ። እጄን አሳርፌ ከጎን ሳየው ጉብታው አለ ግን ፎቶው ላይ እንዳለው አይደለም፣ ግማሹ ነው። ስነካው ለስላሳ ነው፣ አያመኝም፣ ግራውም እኩል ነው።

ፊዚዮ_ም፦
ሁለቱ እጅ እኩል ከሆነ፣ ካላመመ፣ ጠጣር ኳስ ነገር ከሥሩ ከሌለ፣ እብጠት አይደለም። ጣት ስታጥፊ የሚንቀሳቀስ ወይም ጣቱን ቀጭ እያለ የሚይዝ ጠጣር ነገር ቢሆን ኖሮ አሳዪው እልሽ ነበር።

አሮጌ_መነፅር፦
እንግዲህ እንደ ልማዱ ካነበብኩልሽ፣ ጁፒተርሽ መካከለኛ ነው፣ ጥንቃቄ የያዘው ነው፣ ትንሿ ጣትሽ ጥሩ ርዝመት አላት፣ ግን ዝቅ ብላ ነው የተተከለችው። ሰው ማስረዳት ትችያለሽ፣ ለመጀመር ግን ትፈሪያለሽ። ሁለት ሴቶች ጋ ሄደሽ እንደገና እዚህ የጠየቅሽው ለዚያ ይመስለኛል። ሱቁን ግን ልጄ በጣትሽ አትወስኚው፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነና ሰፈሩ ውስጥ ስንት ኮስሞቲክስ ሱቅ እንዳለ ቁጠሪ። እኔ በሕይወቴ ለማንም "በእጅህ ነግድ" ብዬ አላውቅም።

የአዳማ_ልጅ፦
ጋሼ የመጨረሻዋ ነገር አስለቀሰችኝ፣ እውነት ነው እፈራለሁ። ኪራዩ 18 ሺህ ነው፣ 6 ወር ቅድሚያ ይላሉ። ከእህቴ ጋር ነገ ዞረን እንቆጥራለን።

ሳይንስ_ብቻ፦
እኔም ለካሁ። ሌባ ጣቴ 73፣ የቀለበት 76። ምንም አልልም በቃ 🙂 ግን ጋሼ አንድ ጥያቄ፣ የአዳማ ልጅ ቀኟ 15፣ ግራዋ 12 ነው የወረደው። ሁለቱ እጆች ሲለያዩ የትኛው ነው የሚነበበው?

አሮጌ_መነፅር፦
እዚህ ላይ የመዳፍ ሰዎችም አንስማማም። አንዳንዱ ግራው የተወለድክበት፣ ቀኙ የሠራኸው ነው ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ የምትጽፍበትን እጅ ብቻ ያነባል። የጣት መነሻ ግን ሠርተህ የምትቀይረው ነገር አይደለም፣ ስለዚህ የመጀመሪያው አባባል ለጉብታ ይሠራ እንደሆነ እንጂ ለዚህ ሲሠራ አልታየኝም። እኔ ሁለቱንም አይቼ የማይስማሙበትን እተወዋለሁ።

ሹሩባ_ዱባይ፦
ሰላም እንደገና። ስፕሊንቱን ገዝቼ ሁለት ሌሊት አደረግኩት፣ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልነሳ አነጋሁ። ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ አሠሪዬ ግማሽ ቀን ፈቀደችልኝ። ሐኪሟ አረብ ናት፣ ፊዚዮ የጻፍክልኝን በአረብኛ እንዴት እንደምላት የሚያውቅ ሰው ካለ ጻፉልኝ፣ በተለይ "ሦስት ተኩል ጣት" የሚለውን።

ጋራዥ_04፦
እህቴ እኔ 6 ዓመት ሻርጃ ሠርቻለሁ፣ ኢንቦክስ ላኪልኝ እጽፍልሻለሁ። ጣቶቹን ግን ፎቶ አንሺና በስክሪብቶ የደነዘዘውን ቀቢው፣ እሱን ስታሳያት ቋንቋ አይፈልግም።